«ይሆናል» ከማለታችን በፊት

የካቲት 2016 ላይ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ደወለችልኝ። ሠርጓ ለግንቦት ተቆርጧል፤ ካርዱ ታትሟል፣ አዳራሹም ቀብድ ተከፍሎበታል። ሰላምታ በቅጡ ሳንለዋወጥ «ጋሼ፣ ሳተርን እየተመለሰብኝ ነው አሉኝ። ትዳር ያፈርሳል ይባላል። ሠርጉን ላራዝመው?» አለችኝ።

ማንነቷ እንዳይታወቅ የዚህችን ልጅ ታሪክ ከሌሎች ተመሳሳይ ታሪኮች ጋር አዋህጄዋለሁ። ጥያቄዋ ግን በየወሩ የምሰማው ነው። ኮከብ የሚያይ ሰው ከባድ የሚባል የሰማይ እንቅስቃሴ ፊቱ ሲመጣ አፉን ከመክፈቱ በፊት ምን ማድረግ አለበት? ሥራችን ከሞላ ጎደል እዚህ ላይ ነው የሚለየው፤ ስለዚህ የእሷን ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልተርከው።

በእኛ ሙያ ትራንዚት የሚባለው ዛሬ ሰማይ ላይ ያለ ፕላኔት፣ አንድ ሰው ሲወለድ ፕላኔቶች በነበሩበት ቦታ ላይ ማለፉ ነው። ሰማዩ በ360 ዲግሪ ይከፈላል፤ እያንዳንዳቸው 30 ዲግሪ የሚይዙ 12 ክፍሎች አሉት። አውደ ነገሥት የሚያውቅ ሰው ስማቸው አይጠፋውም፦ ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ እያለ እስከ ሑት ይሄዳል። ልዩነቱ አውደ ነገሥት የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት ቆጥሮ ኮከቡን ማውጣቱ ነው። እኔ የምሠራበት አካሄድ ግን የሚነሳው በልደት ቀን ፕላኔቶች በእርግጥ ከነበሩበት ቦታ ነው። የዛሬው ፕላኔት ከልደቱ ቦታ ጋር አንድ ላይ ሲገጥም፣ ወይም በ90 ወይም በ180 ዲግሪ ፊት ለፊት ሲቆም «ከባድ» ይባላል። ከነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው የሳተርን መመለስ ነው። ሳተርን ፀሐይን ዞሮ ለመጨረስ 29 ዓመት ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ማንኛውም ሰው 29 እና 30 ዓመት አካባቢ ሲደርስ ሳተርን በተወለደበት ጊዜ ወደነበረበት ቦታ ይመለሳል።

ልጅቷን መጀመሪያ የጠየቅኳት ማን እንዳስፈራራት አልነበረም፤ የተወለደችበትን ቀንና ሰዓት ነበር። «መጋቢት 3፣ 1987፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት» አለችኝ። ሰዓቱን እናቷ እንደነገሯት ጨመረችልኝ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የምንጠቀምባቸው የቻርት ፕሮግራሞች የውጭ ናቸው። መጋቢት 3፣ 1987 በእነሱ አቆጣጠር ማርች 12፣ 1995 ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ደግሞ 8 ሰዓት። ሰዓቱን እንዳለ 2 ብሎ ያስገባ ሰው ስድስት ሰዓት ይስታል። በዚያን ጊዜ በምሥራቅ የሚወጣው ክፍል ጭራሽ ሌላ ይሆናል፤ በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል ይንቀሳቀሳልና። በእሱ ላይ ተመሥርቶ «ይህ የትዳር ቤትሽ ነው፣ ይህ የሥራ ቤትሽ ነው» የሚባለው ሁሉ ይፈርሳል። ልጅቷን ያስፈራራት ሰው ቻርቷን በስልኳ ልካልኝ ነበር። ሳየው ሰዓቱ 2፡00 ተብሎ ገብቷል። ቤቶቹ ሁሉ የተዛቡት በዚህ ስህተት ነው።

ሳተርን ራሱ ግን አልተነቃነቀም። ቢፈጥን እንኳ በቀን ከአንድ ዲግሪ ስምንተኛ ብዙም ስለማይርቅ የስድስት ሰዓት ስህተት ቦታውን አይለውጠውም። በሁለቱም ስሌት በሑት 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህን ለይቼ የነገርኳት ሆን ብዬ ነው። ሳተርን መመለሱን ያለ ሰዓት ማወቅ ይቻላል፤ ትዳርን ነው ሥራን ነው የሚነካው የሚለውን ግን ሰዓቱ ሳይታወቅ መናገር አይቻልም። የእሷ ሰዓት ደግሞ ከእናቷ ትዝታ የተወሰደ ነው። አንድ እናት ከምጥ በኋላ «ጠዋት 2 ሰዓት ነበር» ሲሉ ግማሽ ሰዓት ወዲህ ወይም ወዲያ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው። ስለዚህ ቤቶቹን ሙሉ በሙሉ ተውኳቸው።

ቀጥሎ የመመለሻውን ጊዜ አወጣሁ። ሳተርን በሑት 16 ዲግሪ ላይ አንድ ጊዜ አልፎ አይሄድም። ከምድር ሲታይ በየዓመቱ አራት ወር ተኩል ያህል ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። በታክሲ ሆነን ጎን ለጎን የሚሄደውን አውቶቡስ ስንቀድም አውቶቡሱ ወደ ኋላ የሚሸሽ እንደሚመስለን ነው፤ በእርግጥ ወደ ኋላ የሄደ የለም፣ እኛ ፈጥነን ነው። ስለዚህ ያቺን ዲግሪ ሦስት ጊዜ ይነካታል፦ በሚያዝያ 2016፣ ከዚያ በነሐሴ መጨረሻ ግድም፣ በመጨረሻም በጥር 2017። የመጀመሪያው ንክኪ ከሠርጉ ጥቂት ሳምንታት በፊት መሆኑ ነው ልጅቷን ያስደነገጣት።

አሁን ምን ልበላት? በአሮጌዎቹ መጻሕፍት ሳተርን ቀዝቃዛና ደረቅ፣ አዛውንት፣ ገደብ፣ ድካምና መለያየት ነው። ይህን ደብቄ «ምንም የለም፣ እንኳን ደስ ያለሽ» ብላት እዋሻታለሁ፤ ሌላ ቦታ ስታነበውም ፍርሃቷ እጥፍ ይሆናል። ገልብጬ ብደፋባት ደግሞ ሠርጓን እሰርዛለሁ። ሁለቱም ሲደረጉ አይቻለሁ። የመጀመሪያውን እኔም በጀማሪነቴ ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ ሰውየው እየሳቀ ሲወጣ ጥሩ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

አሁን የማደርገው የምናገረውን ነገር ሁሉ በሦስት መክፈል ነው፤ ለሰሚውም ክፍሎቹን በግልጽ እነግራለሁ። አንደኛው ሰማዩ ነው፦ ሳተርን በሚያዝያ ያቺን ዲግሪ መንካቱ ስሌት ነውና ያለ ጥርጥር እናገረዋለሁ። ሁለተኛው ወጉ ነው፦ የሙያው ሰዎች ይህን ጊዜ እንዴት ሲያነቡት እንደኖሩ። ይህን ስናገር «ይባላል» እላለሁ፤ የማን አባባል እንደሆነም እጨምራለሁ። ሦስተኛው የእሷ ሕይወት ነው፦ በዚያ ሳምንት እሷን ምን እንደሚገጥማት። ይህን አላውቅም፤ አላውቅም ብዬም እናገራለሁ። ሐሰተኛ እርግጠኝነት የሚፈጠረው የመጀመሪያው ክፍል ጽናት ሳይታወቀን ወደ ሦስተኛው ሲሻገር ነው። ስለ ዲግሪው በእርግጠኝነት የተናገርንበት ድምፅ ስለ ትዳሯም ይቀጥላል፤ ሰሚዋም ሁለቱን በአንድ ሚዛን ትቀበላቸዋለች።

ቋንቋችን ደግሞ እዚህ ላይ አያግዘንም። በአማርኛ «ይሆናል» ስንል «ምናልባት» ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ «መሆኑ አይቀርም» ማለታችንም ሊሆን ይችላል። «ነገ ይመጣ ይሆናል» ጥርጣሬ ነው፤ «እንዳልኩህ ይሆናል» ቁርጥ ያለ ቃል ነው። ተናጋሪው የመጀመሪያውን አስቦ ሲናገር የተጨነቀ ሰው ሁለተኛውን ይሰማል። «ይገጥምሻል»፣ «ታያለሽ»፣ «ይፈትንሻል» የሚሉት ግሶች ከዚህም የባሱ ናቸው፤ የመርገም ያህል ነው የሚሰሙት። ስለዚህ ስለ መጪው ጊዜ ስናገር ግሱን ከሰሚዋ አርቄ ወጉን ባለቤት አደርገዋለሁ፤ «መለያየት ይገጥምሻል» በማለት ፈንታ «የቆዩ መጻሕፍት ይህን ጊዜ ከመለያየት ጋር ያያይዙታል፣ የኋለኞቹ ደግሞ ኃላፊነት ከመሸከም ጋር» እላለሁ።

ይህ የቃላት መሽኮርመም አይደለም፤ ቃሉን ብቻ ለውጦ ትንቢቱን መተው ያልቻለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታሪክ ያሳየናል። አለን ሊዮ የሚባለው ታዋቂ እንግሊዛዊ ኮከብ ቆጣሪ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1917 ለንደን ውስጥ ዕድል በመተንበይ ተከሶ ቀርቦ ነበር። መከላከያው «እኔ የምናገረው ዝንባሌን እንጂ ዕጣ ፈንታን አይደለም» የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ 5 ፓውንድ ተቀጣ። ሕጉ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ገዢው እጅ የሚገባው ወረቀት ነው። መግቢያው ላይ «ዝንባሌ ብቻ» ተብሎ ውስጡ ቀጥተኛ ትንበያ ከሆነ አንባቢው የሚይዘው ትንበያውን ነው።

ፍርሃት ደግሞ በሰማይ ያለውን ትቶ በምድር ላይ ሥራ ይሠራል። ጃፓኖች በ60 ዓመት አንዴ የሚመጣ «የእሳት ፈረስ» የሚሉት ዓመት አላቸው፤ በዚያ ዓመት የተወለደች ሴት ለባሏ አትበጅም የሚል የቆየ እምነት ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር 1966 ሲደርስ በአገሪቱ የተወለዱ ሕፃናት ቁጥር ካለፈው ዓመት በሩብ ያህል ወረደ። በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ ወጣ። ያንን ያደረገ ፕላኔት የለም፤ ያደረጉት ያመኑና የፈሩ ወላጆች ናቸው። የእኔዋ ልጅ ሠርጓን ብታራዝም፣ እጮኛዋ ምክንያቱን ሰምቶ ቢቆጣ፣ ነገሩም ቢበላሽ «ሳተርን ትዳር አፈረሰ» ይባል ነበር። ይህን ሳስረዳት ዝም ብላ ቆየችና «እሱማ አሁንም ተኮሳትሯል» አለችኝ።

ከዚያ ወደ ኋላ ሄድን። ሳተርን ሙሉ ዙሩን ሳይጨርስ ሰባት ዓመት ገደማ በሆነ ቁጥር የዙሩን ሩብ ይጨርሳል፤ ለእሷ 1994፣ 2001 እና 2008 ላይ ወድቋል። ስለ መጪው ከመናገሬ በፊት ስላለፉት እጠይቃለሁ፤ የምጠይቅበት መንገድ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «በ2001 የሆነ ከባድ ነገር ነበር አይደል?» ብዬ ብጠይቅ ማንም ሰው የሆነ ነገር አያጣም፤ የ14 ዓመት ልጅ ሆኖ ያልከበደው ማን አለ? ስለዚህ ዓመቱን ሳልናገር «ከልጅነትሽ እስከ 25 ዓመትሽ ሕይወትሽ የተለወጠባቸውን ሦስት አራት ጊዜያት ጻፊልኝ» አልኳት። ጻፈች፦ አባቷ የሞቱበት 1997፣ ዩኒቨርሲቲ የገባችበት 2005፣ የመጀመሪያ ሥራዋን የጀመረችበት 2008፣ ቤተሰቧ ሰፈር የለቀቀበት 2010። ከአራቱ አንዱ ብቻ ገጠመ። ትልቁ፣ የአባቷ ሞት፣ ከሳተርን ሩቦች በየትኛውም ላይ አልወደቀም።

ይህን ዝርዝር ፊቷ አስቀምጬ እንዲሁ እንዳለ ነገርኳት። ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ እዚህ ቦታ ላይ ሌላ ፕላኔት ፈልገው 1997ን ያስገጥሙታል። አሥር ፕላኔትና ብዙ ማዕዘን ይዞ ለማንኛውም ቀን የሚገጥም ነገር ማግኘት ቀላል ነው፤ ያ ግን ማስረጃ አይሆንም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ሾን ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ሙከራ አሳትሟል። ለ28 ኮከብ ቆጣሪዎች የአንድ ሰው የልደት ቻርትና የሦስት ሰዎች የባሕርይ መጠይቅ ውጤት ይሰጣል፤ ከሦስቱ የቻርቱን ባለቤት እንዲለዩ ይጠየቃሉ። ትክክል የመለሱት ከሦስት አንድ ያህል ነበር፤ ዓይን ጨፍኖ በመምረጥም የሚገኘው ያው ነው። ስለ ዘዴው ሙያተኞቹ ክርክር አንሥተዋል። እኔ ግን ይህን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ፤ የምጠቀምበት መሣሪያ ገደቡ የት እንደሆነ ሳያውቅ በእሱ ላይ ትዳሩን የሚያስቀምጥ ሰው ሊኖር አይገባም።

ታዲያ ምን ቀረ? ጥያቄ ቀረ። ሰው ወደ 30 ሲጠጋ የሥራው፣ የቤቱ፣ የወላጆቹ ነገር መጨናነቁ የታወቀ ነው፤ ለዚያ ሳተርን አያስፈልግም። የሳተርን ወግ ግን በዚያ ሰሞን ቁጭ ብሎ ራስን ለመጠየቅ የቆየ የጥያቄ ዝርዝር ይሰጣል፦ በሌላ ሰው ግፊት የያዝኩት ነገር የቱ ነው? ሳልጨርሰው ያንጠለጠልኩት ግዴታ ምንድነው? የትኛውን ነገር በውሌ ልይዘው እችላለሁ? ሊዝ ግሪን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ስለ ሳተርን ያሳተመችው መጽሐፍ በሙያችን ብዙ ያነጋገረው፣ የድሮውን ክፉ ፕላኔት ወደ እንዲህ ያለ የውስጥ ጥያቄ ስላዞረው ነው። ከእሷ በጣም ቀድሞ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ የጻፈው በጥሊሞስ እንኳ ከሰማይ የሚመጣው ሁሉ የማይቀር አድርጎ መውሰድ እንደማይገባ፣ አስቀድሞ ማወቅም ነፍስን የሚያረጋጋ እንደሆነ ጽፏል። አስቀድሞ ማወቅ የሚያስደነግጥ ከሆነ እሱ ባለው መንገድ እንኳ ዓላማውን ስቷል ማለት ነው።

ለልጅቷ በመጨረሻ ያልኳትን ከማስታወሻዬ ልገልብጠው፦ «ሳተርን በሚያዝያ፣ በነሐሴ መጨረሻ ግድምና በጥር በተወለድሽበት ቦታ ላይ ያልፋል፤ ይህ ስሌት ነው። በእኛ ወግ ይህ ጊዜ ሰው የያዘውን ነገር የሚመዝንበት ነው ይባላል። አንቺ በተወለድሽበት ሳምንት የተወለዱ ሁሉ ይህን ጊዜ ከአንቺ ጋር ይጋሩታል፤ ከእነሱ የሚያገባ አለ፣ የሚፈታ አለ፣ ምንም ሳይሰማው የሚያልፍም አለ። ሠርግሽን የሚመለከት ምንም ነገር እዚህ ላይ አላይም። ስለ እጮኛሽ የሚያስጨንቅሽ ነገር ካለ ግን ሳተርን ኖረም አልኖረም ልንነጋገርበት ይገባል።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው በሩን የከፈተው። ጭንቀቷ ከሰማይ አልነበረም። እጮኛዋ ከሠርጉ በኋላ ሥራዋን ትታ ወደ ሌላ ከተማ እንድትሄድ ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ እስካሁን «እሺ»ም «እምቢ»ም አላለችም። ሳተርን ለመዘግየቷ ጥሩ ሰበብ ሆኖላት ነበር። «ለእሱ የምነግረውን ለእርስዎ ነገርኩ» አለች። ከእሱ ጋር እንድትነጋገር፣ ካስፈለገም ሁለቱም የሚያከብሩት ሽማግሌ እንዲጨምሩ መከርኳት። ስለ ኮከብ ከዚያ በላይ አልጨመርኩም።

የማልናገራቸውም ነገሮች አሉ። ሞት አልናገርም፣ የማንንም። በሽታ አልተነብይም፤ እንቅልፍ አጣሁ፣ ክብደቴ ወረደ፣ መኖር አስጠላኝ የሚል ሰው ሲመጣ ቻርቱን ዘግቼ ወደ ሐኪም እልካለሁ። ከሳተርን ጋር ለማስታረቅ ተብሎ የሚሸጥ ቀለበትም ሆነ የገንዘብ «መፍትሔ» አላቀርብም። አስፈራርቶ ማርከሻ የሚሸጥ ሰው ስለ ኮከቡ የተናገረው ሁሉ ትክክል ቢሆን እንኳ ያደረገው ዝርፊያ ነው። ቀጠሮም አላበዛም፤ በሦስቱም ንክኪዎች ላይ ደውይ ብላት ፍርሃቷን ለአንድ ዓመት ቀለብ እየሰፈርኩ አቆየዋለሁ።

በዚያ ፈንታ ወረቀት ሰጠኋት። ሦስቱ ወራት በሦስት መስመር ተጽፈዋል፤ ከየጎናቸው ባዶ ቦታ አለ። ከእያንዳንዱ ወር በፊትና በኋላ አንድ አንድ ወር ጨምራ የሆነውን ትልቅም ትንሽም እንድትጽፍ፣ ያልሆነውንም ባዶ እንድትተው ነገርኳት። ከዚያም ለንጽጽር ሳተርን የማይነካባቸውን ሦስት ወራት በዕጣ መርጬ ከታች ጨመርኩ።

ሚያዝያ 2017 ላይ ወረቀቱን ይዛ መጣች። በመጀመሪያው መስመር «ተነጋገርን፤ ሥራዬን አልተውም፤ ሠርጉ በሁለት ሳምንት ዘገየ፣ ከዚያ ተጋባን» ይላል። በሁለተኛው ምንም የለም። በሦስተኛው «አማቴ ታመሙ፣ ዳኑ» የሚል አለ። በዕጣ ከመረጥናቸው ወራት በአንዱ ደግሞ በሥራዋ እድገት አግኝታለች፤ ያንን በቀይ አስምራበታለች። «ጋሼ፣ ይኼስ?» አለችኝ። በመዝገቤ ላይ እንዳለ ገለበጥኩት፤ ባዶውንም መስመር ባዶ ተውኩት።